በብርድ ወራት ሊጥ ኩፍ የማይልበት ምክንያትና መድኃኒቱ

የጅቡቲን አየር የሚያውቅ ሰው «በጅቡቲ ከተማ ብርድ ገባ» ሲባል ቢሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። በጥር ወር ግን ሙቀቱ ቀን 28፣ ሌሊት ደግሞ 22 ወይም 23 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ለሰው የሚስማማ አየር ነው፤ በቡሃቃ ውስጥ ለተቀመጠ ሊጥ ግን በሐምሌና በጥር መካከል ያለው የ10 ዲግሪ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በከተማይቱ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት እመቤቶች በበጋው ሐሩር በአንድ ቀን የሚደርሰው ሊጥ በጥር ሲዘገይባቸው ዱቄቱን የሚያሙት ይህን ልዩነት ባለማስተዋል ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት እመቤት በጥር ወር ማታ 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በ1 ሊትር ተኩል ውኃ አቡክታለች እንበል። እርሾው ከሦስት ሳምንት በፊት በጠርሙስ ተደርጎ በማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ውኃውንም የቀዳችው ከዚያው ማቀዝቀዣ ነው። ሊጡን በባልዲ አድርጋ በወጥ ቤቱ የሸክላ ንጣፍ ላይ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ጧት ክዳኑን ብትከፍተው የሊጡ ፊት ጠፍጣፋ ነው፤ አረፋ የለውም፤ ብጫማው ውኃ ከላይ አላቀረረም፤ ሽታውም የጥሬ ዱቄት ሽታ ነው። እንደዚያው ብትጋግረው ዓይን የሌለውና ከምጣዱ ላይ የሚጣበቅ ቂጣ መሰል ነገር ወጣላት።

ስሕተቱ ከምን ላይ ነው? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ በሊጥ ውስጥ የሚሠራውን ሠራተኛ ማወቅ ያስፈልጋል። እርሾ የምንለው ብጫ ውኃ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የሞሉበት ነው። እነዚህም ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ሊጡን የሚያኮመጥጡት የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ሆነው ሊጡን የሚያስነፍሱት፣ ማለት ለእንጀራው ዓይን የሚሆነውን አየር የሚያወጡት፣ የእርሾ ፈንገሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ እንጀራ በታተመ ጥናት ካንዲዳ ከሚባለው ወገን የሆነ የእርሾ ፈንገስ በእርሾው ውኃ ውስጥ መገኘቱ ተገልጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመው በብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ ጥናት ደግሞ የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በጤፍ ሊጥ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ተመርምሯል።

እነዚህ ሕያዋን ሁሉ እንደ ሙቀቱ መጠን ይፈጥናሉ ወይም ይሰንፋሉ። በግምት ሲነገር፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ሥራቸው በግማሽ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ይዘገያል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ በደንብ ይሠራሉ፤ በ15 ዲግሪ እጅግ ይሰንፋሉ፤ ከ10 ዲግሪ በታች እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ያህል ይቆጠራሉ። ስለዚህ ብርድ እርሾን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። እርሾን የሚገድለው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። ብርዱን የፈራች እመቤት የፈላ ውኃ በእርሾው ላይ ብታፈስ መድኃኒት ያደረገች መስሏት ሠራተኛውን ፈጀችው ማለት ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ውኃ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ዱቄት ሙቀትን የሚይዘው ከውኃ በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ የሊጡን ሙቀት የሚወስነው ከሞላ ጎደል ውኃው ነው። ያ ሊጥ ሲቦካ ከ10 ዲግሪ በታች ነበር። ንጣፉም ቀዝቃዛ በመሆኑ የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ሌሊቱ አለቀ። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ የቤቱ ሐሩር በጥቂት ሰዓት ስሕተቱን ባረመው ነበር፤ በጥር ግን የሚያርመው የለም። በዚህ ላይ እርሾው ብዙ ቀን በማቀዝቀዣ ተኝቶ የደከመ ነበር። እንግዲህ በጅቡቲ ከተማ እውነተኛው ብርድ ያለው ከውጭ ሳይሆን በማቀዝቀዣው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው መድኃኒት እርሾውን ማንቃት ነው። ከማቡካቱ በፊት በነበረው ማታ አንድ ብርጭቆ እርሾ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ዱቄትና ጥቂት ለብ ያለ ውኃ ጨምሮ በሞቃት ቦታ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ጧት አረፋ ከታየበትና የሚጎመዝዝ ሽታ ካወጣ ሕያው ነው። ለውጥ ከሌለው ግን ሌላ ቀን ይታከልለት፤ ከዚያም በኋላ ዝም ካለ ከጎረቤት አዲስ እርሾ መለመን ይሻላል። ለ1 ኪሎ ዱቄት በሙቀት ወራት አንድ ብርጭቆ እርሾ የሚበቃ ሲሆን በብርድ ጊዜ ወደ ሁለት ብርጭቆ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከዚህ በላይ ማብዛት ግን ሊጡን ሳይነፋ ከመጠን በላይ ያኮመጥጠዋል።

ሁለተኛው መድኃኒት የውኃው ሙቀት ነው። ሊጡ ሲቦካ ወደ 28 ዲግሪ እንዲጠጋ ያስፈልጋል። ዕቃውና አየሩ የሚወስዱትን ሙቀት ጨምረን ስናስብ፣ ውኃው 35 ዲግሪ ያህል ቢሆን በቂ ነው። ሙቀት መለኪያ የሌላት እመቤት እንደሚከተለው ታድርግ። በጅቡቲ ስድስት ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ ከአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ጋር ብትቀላቅል የሚፈለገውን ሙቀት ታገኛለች። በአዲስ አበባ ግን የቧንቧው ውኃ ቀዝቃዛ ከመሆኑም በላይ፣ ከተማው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ በዚያ ለሦስት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አንድ ብርጭቆ የፈላ ያስፈልጋል። ውኃው በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሲንጠባጠብ ለብ ከማለት በቀር የማያቃጥል ከሆነ ልክ ነው። አስቀድሞ ዱቄቱና ውኃው ይቀላቀል፤ እርሾው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው መድኃኒት ያገኘውን ሙቀት እንዳያጣ ማድረግ ነው። ባልዲው በሲሚንቶ ወይም በሸክላ ንጣፍ ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ሳንቃ ወይም የታጠፈ ጆንያ ይደረግለት፤ ዙሪያውም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅለል። አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ይውጣ። በደጋ አገር ደግሞ የሞቀ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ከባልዲው ጎን ጠቅልሎ ማሳደርና ማታና ጧት መለወጥ ይረዳል። ክዳኑ ልል መሆን አለበት፤ የሚወጣው አየር መተንፈሻ ይፈልጋልና።

በዚህ ዓይነት የተያዘ ሊጥ በጅቡቲ ጥር በሁለተኛው ቀን ብጫ ውኃውን ከላይ ያቀርራል። ውኃው ተቀድቶ ከፊሉ ለሚቀጥለው እርሾ ይቀመጣል፤ ከዚያም አብሲት ይጣላል። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። አብሲት ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህል ተወስዶ በሦስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ እየተማሰለ የሚበስል ነው። አገልግሎቱም ሊጡ አየሩን አቅፎ እንዲይዝና ዓይን እንዲያወጣ ማድረግ ነው። በብርድ ጊዜ ግን ሌላ አገልግሎት አለው፤ ይኸውም ሊጡን ያሞቃል። በምሳሌያችን የተረፈው 2 ኪሎ ያህል ሊጥ 22 ዲግሪ ቢሆንና 1 ኪሎ ያህል አብሲት በ45 ዲግሪ ቢጨመርበት፣ ጠቅላላው ወደ 30 ዲግሪ ይወጣል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥም ኩፍ ይላል። አብሲቱ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ከተጣለ ግን ሊጡ በነበረበት 22 ዲግሪ ይቀራል። እየፈላ ከተጣለ ደግሞ እርሾውን ይጎዳል። ጣት ገብቶበት ጥቂት መቆየት ከተቻለ ጊዜው ነው።

ኩፍ ማለቱን ሳያዩ ወደ ምጣድ መሄድ አይገባም። የሊጡ ፊት በትንንሽ አረፋ ከተሸፈነና ከፍ ብሎ መውረድ ሊጀምር ሲል መጋገር ነው። አንድ እንጀራ አስቀድሞ ለሙከራ ይሰፋ፤ ዓይኑ ጥቂት ከሆነ ሊጡን ሸፍኖ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ እንጂ ሁሉንም ጋግሮ ማበላሸት አያሻም።

ስለ አቋራጮቹም አንድ ቃል እንናገር። ቤኪንግ ሶዳ በሊጥ ላይ ቢነሰነስ አረፋ ወዲያው ያስነሣል፤ ሆኖም ኮምጣጣነቱን ስለሚያጠፋ ዓይን ያለው ነገር ግን ጣዕም የሌለው እንጀራ ይሆናል። የዳቦ እርሾም እንዲሁ ሊጡን ያስነሣል፤ አያኮመጥጠውም። የጅቡቲ ሰዎች ለቁርስ የሚያቀርቡትን ላሖሕ የዳቦ እርሾ ጨምረው የሚያሳድሩት እንጀራ ያህል መኮምጠጥ ስለማይፈልግ ነው፤ እርሱም ቢሆን በጥር ሌሊት በቀዝቃዛ ውኃ ከተበጠበጠ ጧት ዓይኑ ያንሳል። ለቸገረው ቀን አፍለኛ እንጀራ ለሚወድ ቤተ ሰብ ጥቂት የዳቦ እርሾ ነውር የለውም።

በመጨረሻም መድኃኒት የሌለውን ሊጥ መለየት ያስፈልጋል። ሊጥ ሳይኮመጥጥ ብዙ ሲቆይ፣ ኮምጣጣነቱ ከሚከለክላቸው ጎጂ ተሐዋስያን የሚጠብቀው የለም። ጠፍጣፋ ሆኖ የጥሬ ዱቄት ሽታ ያለው ሊጥ አሙቆና እርሾ ጨምሮ ሊድን ይችላል። የበሰበሰ ሽታ ያለው፣ ወይም በፊቱ ላይ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ የታየበት ግን ከላዩ ገፎ መጋገር አይገባም፤ ይደፋ፤ ባልዲውም በፈላ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በነቃ እርሾና ለብ ባለ ውኃ እንደ ገና ይቦካ።