ስሙ ተለወጠ፣ ግሱ ግን ቀረ፦ በምላሽና በሚተላለፉ ደብዳቤዎች ውስጥ ሳይታረሙ ስለሚቀሩ ስሕተቶች



አንድ ደብዳቤ ከሌላ ደብዳቤ ተቀድቶ ሲዘጋጅ፣ ወይም አንድ ኢሜይል ሲመለስና ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ከቀድሞው ጽሑፍ ሳይታረም የሚቀር ነገር አለ። የሌላ ሰው ስም፣ ጊዜው ያለፈበት ሰላምታ፣ «አባሪ አድርገናል» ተብሎ ያልተያያዘ ወረቀት የዚህ ዓይነት ናቸው። እንዲህ ያለውን ጉድለት የጸሐፊው ቸልተኝነት ብቻ አድርገን እንቆጥረዋለን። እኔ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው በአሠራሩ ውስጥ እንደሚገኝ ላስረዳ እሞክራለሁ። አዲስ ስንጽፍ እያንዳንዱን ቃል እንመርጣለን። ስንቀዳ ግን የምናየው ልንለውጠው ያሰብነውን ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን ትክክል እንደሆነ አድርገን እናልፈዋለን።

ለማስረዳት ያዘጋጀሁትን ናሙና እንመልከት። አንድ የትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት ለአረካ ከተማ አንድ ጽሕፈት ቤት የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦

«የ4ኛ ዓመት ተማሪ የሆነው ኃይሉ በጽሕፈት ቤታችሁ ለ2 ወር የመስክ ልምምድ እንዲያደርግ ስለተመደበ፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እየጠየቅን፣ የተማሪውን የመታወቂያ ቅጂና የግምገማ ቅጽ በ3 ገጽ አባሪ አድርገን ልከናል።»

ዘንድሮ የተመደበችው አስቴር ናት፤ የምትሄደውም ወደ ቦዲቲ ነው። ጸሐፊው ያለፈውን ፋይል ይከፍትና «አረካ»ን በ«ቦዲቲ»፣ «ኃይሉ»ን በ«አስቴር» ይተካል። በእርሱ ዘንድ ሥራው አልቋል። ነገር ግን ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተጻፈው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የሰውየው ጾታ የተነገረው አምስት ጊዜ ነው፦ «የሆነው»፣ «እንዲያደርግ»፣ «ስለተመደበ»፣ «እንዲደረግለት»፣ «የተማሪውን»። እነዚህ «የሆነችው»፣ «እንድታደርግ»፣ «ስለተመደበች»፣ «እንዲደረግላት»፣ «የተማሪዋን» መሆን ነበረባቸው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ግሶች በጾታ አይለወጡም፤ ተውላጠ ስሞቹን ማረም ይበቃል። አማርኛ ግን ባለቤቱንም ተሳቢውንም በግሱ ላይ ስለሚያትም፣ የአንድ ሰው ምልክት በጠቅላላው ደብዳቤ ላይ ተበትኖ ይገኛል።

ፈልጎ የመተካት ትእዛዝም ይህን አያድንም። ትእዛዙ የሚያውቀው የፊደል ቅደም ተከተልን እንጂ ሰውን አይደለም። «ኃይሉ» ብለን ስንፈልግ «ሃይሉ» ወይም «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈውን ሊያልፈው ይችላል። Find whole words only የሚለውን ምርጫ ከከፈትን ደግሞ «ለኃይሉ» እና «የኃይሉ» ያመልጡታል፤ በአማርኛ መስተዋድዱ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አባሪ ነው። እዚህ ላይ በኢሜይል መመለስና ማስተላለፍ በተቃራኒ መንገድ ያሳስታሉ። በተለመዱት የኢሜይል ፕሮግራሞች Reply ስንል የቀድሞው ጽሑፍ ከሥር ይከተላል፤ ፋይሉ ግን ይቀራል። Forward ስንል ደግሞ ጽሑፉም ፋይሉም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ በምላሽ ጊዜ «ከላይ የተጠቀሰውን አባሪ» የሚል ቃል ያለ አባሪ ይላካል። በማስተላለፍ ጊዜ ግን የባሰው ይደርሳል፤ በናሙናችን የአስቴርን ደብዳቤ የተቀበለው ጽሕፈት ቤት የኃይሉን መታወቂያ ያገኛል። የመጀመሪያው ስሕተት ሁለት ቀን ያስጠፋ ይሆናል። ሁለተኛው የአንድን ሰው የግል ማስረጃ ለማይመለከተው እጅ ይሰጣል፤ ከተላከ በኋላም መመለሻ የለውም። አንዳንድ ፕሮግራሞች አባሪ ሲረሳ ያስጠነቅቃሉ። ማስጠንቀቂያው ግን ፋይል መኖሩን እንጂ የማን ፋይል መሆኑን አይመረምርም።

ሦስተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በመስከረም ለጊፋታ «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ በኅዳር ሲቀዳ ሰላምታው ይቀራል። ይህን አንባቢ በፈገግታ ያልፈዋል። «የፊታችን ሰኞ» የሚለው ሐረግ ግን አደገኛ ነው፤ ደብዳቤው በተላለፈ ቁጥር ሌላ ሰኞ ያመለክታልና።

የጊዜ ምልክት በራስጌም ላይ አለ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በይፋ ሲመሠረትና ወላይታ ሶዶ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ስትሆን፣ ከዚያ በፊት በወላይታ ዞን ተዘጋጅተው በኮምፒውተር የተቀመጡ ደብዳቤዎች ራስጌ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ቢል ስሕተት የለበትም፤ በጊዜው እውነት ነበር። ስሕተት የሚሆነው ያው ራስጌ ከ2015 ዓ.ም. በኋላ ለሚወጣ አዲስ ደብዳቤ ሲቀዳ ነው። የቆየውን ደብዳቤ ለሌላ ክፍል ስናስተላልፍም በውስጡ ያለውን ማረም የለብንም። የሌላውን ቃል ሳንነካ፣ ማብራሪያችንን በራሳችን ስምና ቀን ከላይ እንጽፋለን። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲመራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ደግማችሁ አንብቡ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ዓይን የሚያውቀውን ጽሑፍ ይዘለዋልና። የተሻለው መንገድ ያለፈውን ደብዳቤ መነሻ አለማድረግ ነው። ስም፣ ቀን፣ ተቀባይና የገጽ ብዛት በነጥብ የተተዉበት ባዶ ቅጽ ይዘጋጅ፤ ለወንድና ለሴትም ሁለት ቅጽ ይኑር። በባዶ ቅጽ ላይ የተረሳ ቦታ ነጥብ ሆኖ ስለሚቀር ማንም ያየዋል። በተቀዳ ደብዳቤ ላይ የተረሳ ቦታ ግን በሙሉ ቃል የተሞላ ስለሆነ ትክክል መስሎ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ነው።

ለአባሪም ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይጠቅማል። አስቀድመን ፋይሉን እናያይዝ፤ ከዚያ ከፍተን የማን እንደሆነ አይተን ገጹን እንቁጠር፤ «በ3 ገጽ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ እንጻፍ። የተቀባዩን አድራሻ በመጨረሻ እንሙላ፤ ያልተጠናቀቀ መልእክት በድንገት እንዳይሄድ። በመጨረሻም ደብዳቤውን ድምፅ አውጥተን እናንብበው። «አስቴር … ስለተመደበ» የሚለውን ዓይን ቢያልፈው ጆሮ ይይዘዋል።

ስሕተቱ የታወቀው ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ በብዕር መሰረዝ አይገባም። የቀድሞውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ፣ የትኛው ቃል በየትኛው እንደተተካ የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ይጻፋል። ተቀባዩ «አስቴር» እና «ስለተመደበ» የሚሉትን አብሮ ሲያይ የተሳሳተው ስሙ ይሁን ግሱ ሊያውቅ አይችልም። የተመደበው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው፤ ማረሙም የእርሱ ድርሻ ነው።