የቻርጀሩ ስቲከር የማይናገረው

የላፕቶፑ ቻርጀር የተቃጠለበት ሰው ዛሬ ዛሬ ሱቅ ለሱቅ ከመዞሩ በፊት በቴሌግራም ይጠይቃል። ሻጩም የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይልክለታል። ፎቶው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ፣ የተደረደሩ ምልክቶችና ብዙ ቁጥሮች ይታያሉ። ለገዢው የሚጠቅሙት ግን ከሁለት መስመር አይበልጡም።

የመጀመሪያው መስመር ኢንፑት የሚለው ነው። ከግድግዳው ሶኬት የሚገባውን ኤሌክትሪክ ይናገራል፤ በአብዛኞቹ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቻርጀር አዲስ አበባ ላይ ይቃጠል ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው መልሱን የሚያገኘው እዚህ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትም ሆነ የእኛው 220 በዚህ ክልል ውስጥ ስለሚወድቁ ችግር የለም፤ የሶኬቱን ጫፍ የሚያስማማ መቀየሪያ ብቻ ይበቃል።

ቻርጀሩ ከላፕቶፑ ጋር መስማማቱን የሚነግረው ግን አውትፑት የሚለው መስመር ነው።

አንድ የዴል ላፕቶፕ እንውሰድ። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል። ሻጩ የላከው ፎቶ ደግሞ የኤችፒ ቻርጀር ሲሆን፣ አውትፑቱ 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፔር፣ 65 ዋት ነው። ቮልቱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበትም እሱ ነው። የግማሽ ቮልት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ 19 ለሚፈልግ 19.5 ቢሰጡት ይሠራል። ለ19.5 ቮልት ላፕቶፕ የ15 ወይም የ24 ቮልት ቻርጀር መሰካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው አያስነሳውም፣ ሁለተኛው ሊያቃጥለው ይችላል።

አምፔሩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቮልቱ እስከተስማማ ድረስ 4.62 አምፔር የተጻፈበት ቻርጀር 3.34 የሚፈልገውን ማሽን አይጎዳም። አሳሳቢው ተቃራኒው ነው። 90 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ45 ዋት ቻርጀር ሲሠራ፣ ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ይግላል፣ ባትሪው እየተሞላ መሆኑ ቀርቶ ይጎድላል፣ አንዳንዴም ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል።

በምሳሌያችን አምፔሩም ይስማማል። ቀጥሎ ጫፉ ነው። ስቲከሩ ላይ ክብ ውስጥ ነጥብ ያለበት፣ ግራና ቀኙ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የተሣለበት ትንሽ ሥዕል ካለ ፖዘቲቩ በውስጥ በኩል ይሁን በውጭ ያሳያል፤ በላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውስጡ ነው። የጫፉ ውፍረት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ ገዢው የጫፉን ፎቶ፣ ቢቻል ከማስመሪያ ጎን ተደርጎ፣ ለብቻው መጠየቅ አለበት። የኤሰርና የአሱስ ቻርጀሮች ሁለቱም 19 ቮልት፣ 3.42 አምፔር ሊሆኑ ይችላሉ፤ የውጭ ውፍረታቸውም 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ የውስጡ ቀዳዳ ግን በአንዱ 1.7፣ በሌላው 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል። በዓይን ይህን መለየት ከባድ ነው።

የዴሉና የኤችፒው ጫፍ ግን ሁለቱም 4.5 ሚሊሜትር ናቸው፤ መካከላቸውም ላይ ቀጭን ፒን አለ። ቻርጀሩ ይገባል። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ ጫፉ ሁሉ ልክ ነው። ላፕቶፑም ይነሳል፤ ባትሪው ግን አይሞላም።

ምክንያቱ ያ ቀጭን ፒን ነው። ኃይል አያስተላልፍም፤ ቻርጀሩ ለላፕቶፑ ማንነቱን የሚናገርበት መስመር ነው። በዴል ቻርጀር ውስጥ አምራቹንና ዋቱን የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች፤ ላፕቶፑም በፒኑ በኩል ያነብባታል። ኤችፒ የሚጠቀመው ሌላ ዓይነት ምልክት ስለሆነ ዴሉ የሚያውቀውን መልስ አያገኝም። ሲከፈት የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ባትሪውንም ሳይሞላ ይተወዋል። የትኛውም ስቲከር ይህን አይጽፍም፤ ፎቶ ላይ የሚረዳው የአምራቹ ስም ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በኮፒ ቻርጀር ላይ ሊታተም ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ፒኑ ከታጠፈ ወይም ገመዱ ከጫፉ አካባቢ ከተበጠሰ ኦሪጅናሉ የዴል ቻርጀርም ይኸንኑ ያደርጋል። ብዙ ባትሪ ያለ ጥፋቱ የተቀየረው በዚህ ነው።

የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ከሆነ ስቲከሩ 5፣ 9፣ 15 እና 20 ቮልትን በአንድ ላይ ይደረድራል። ይህ አያስደነግጥም፤ ላፕቶፑና ቻርጀሩ ተነጋግረው አንዱን ይመርጣሉ። ለአብዛኛው ላፕቶፕ መፈለግ ያለበት የ20 ቮልቱ መስመር ነው። መስመሩ 9 ቮልት ላይ ካቆመ የስልክ ቻርጀር ነው።

ዴል ላፕቶፕ ያለው ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ማረጋገጥ ይችላል። ቻርጀሩን ሰክቶ ማሽኑ ሲነሳ F2 ይጫን፤ በሚከፈተው ገጽ ላይ ስለ ባትሪ የሚያሳየው ክፍል የቻርጀሩን ዋት ይጽፋል። 65 ካለ ተዋውቀዋል።