«ባናና» ወይስ «በናነ»? ለእንግሊዝኛ ንግግር መፍትሔው ከፊደል ገበታችን

ከአዳማ ተነስተው በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ ተጉዘው ያውቃሉ? ከመንገዱ ዳር የተደረደረውን ቲማቲም፣ ፓፓያና ሽንኩርት ልጆችዎ በእንግሊዝኛ እንዲጠሩልዎት ይጠይቋቸው። አብዛኞቹ «ቶማቶ»፣ «ፓፓያ»፣ «ፖቴቶ» ይላሉ፤ ሙዝ ካዩም «ባናና»። ቃሉን በትክክል ያውቁታል፣ ፊደሉንም ሳይሳሳቱ ይጽፉታል። ያው ቃል ከእንግሊዛዊ አፍ ሲወጣ ግን «ምን አለ?» ብለው ወደ እርስዎ ይዞራሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ለሚሆንበት ልጅ፣ በዓይኑ የሚያውቀውን ቃል በጆሮው አለማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እኛ የቃሉን ክፍሎች በእኩል ጉልበት እንጠራቸዋለን። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ክፍል ብቻ መርጦ ያስረዝመዋል፣ ከፍም ያደርገዋል፤ የቀሩትን ያደክማቸዋል። ሙዝ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስቱም አናባቢዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሲነገር ግን መካከለኛው ብቻ ሙሉ «ኣ» ሆኖ፣ ዳርና ዳሩ ደክመው «በናነ» ይሆናል።

ይህ ደካማ ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፊደል ገበታችን የመጀመሪያው፣ ማለትም የግዕዙ ድምፅ፣ በጣም ይቀርበዋል፦ በ፣ ተ፣ ፐ። እንዲያውም ሳናውቀው እንጠቀምበታለን። «ዶክተር»፣ «ቲቸር» ብለን ስንጽፍ «ተ»ን እና «ቸ»ን በግዕዝ የጻፍናቸው ጆሯችን ድክመታቸውን ስለሰማ ነው። «ኮምፒውተር» ላይም መጨረሻው ልክ ነው፤ የሳትነው መጀመሪያውን ነው። እንግሊዞቹ «ከምፒውተ» ይላሉ። የመጨረሻዋን «ር» እንግሊዞች ይውጧታል፣ አሜሪካኖች ያሰሟታል፤ ልጅዎ የቱንም ቢመርጥ ችግር የለውም።

የአዳማ ልጆች ደግሞ ሌላ ሀብት አላቸው። በአፋን ኦሮሞ አጭሩ «ለፈ» መሬት ነው፤ ረጅሙ «ላፋ» ለስላሳ ማለት ነው። በቁቤ አንዱ በነጠላ፣ ሌላው በድርብ አናባቢ ይጻፋል። ይህን ልዩነት ከእናቱ ጉያ የተማረ ልጅ «በናነ»ን ለመጥራት የሚያስፈልገው ነገር አለው፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ጎረቤት ልጆች ካሉ አብረው ይለማመዱ።

እንግዲህ ወደ ልምምዱ። ቃሉን ልጅዎ በጆሮው እንደሰማው በአማርኛ ፊደል ይጻፈው፤ የሚረዝመውን ክፍል በትልቁ፣ የሚደክመውን በትንሹና በግዕዝ። የጉዞውን ቃላት ብንወስድ፣ «ተማቶ»፣ «ፐፓየ»፣ «ፐቴቶ» ይሆናሉ፤ ሁሉም ሁለተኛው ክፍል ላይ ይረዝማሉ። (አሜሪካኖች «ተሜቶ» ይላሉ፤ የፊተኛዋ «ተ» ግን እነሱም ዘንድ ደካማ ናት።) አቮካዶ «አቨካዶ» ይሆናል፤ የሚረዝመው «ካ» ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት «ቶ» እና «ዶ» ግን ባይረዝሙም ወደ ግዕዝ አይለወጡም። ስለዚህ ያልረዘመ ሁሉ ይደክማል ብለው አይደምድሙ፤ ከመዝገበ ቃላት ያረጋግጡ። እዚያ ከሚረዝመው ክፍል በፊት ከፍ ብላ የተጻፈች ትንሽ ጭረት፣ በደካማው ድምፅ ቦታ ደግሞ የተገለበጠች የእንግሊዝኛ «ኢ» ያገኛሉ።

ቀጥሎ ላስቲክ ይስጡት፤ የብር ማሰሪያው ይበቃል። ረጅሙ ክፍል ላይ ይለጥጠዋል፣ ሌሎቹ ላይ ይለቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «አጥብቀው» አይበሉት። በአማርኛ ማጥበቅ ተነባቢውን ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል እንደሚሆነው። «አጥብቀው» ከተባለ «በንናነ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። «አስረዝመው» ይበሉት።

ለጎበዙ ልጅ ደግሞ ይህን ይስጡት። «ፎቶግራፍ» የምንለው በእንግሊዝኛ «ፎተግራፍ» ነው፤ የሚረዝመው «ፎ»። ሙያው ግን «ፈቶግረፊ»፣ ባለሙያው «ፈቶግረፈር» ይሆናል። ቃሉ ጅራት ሲያወጣ ርዝመቱ ወደ «ቶ» ተሻገረ፣ ያ ጠንካራ የነበረው «ፎ»ም ደክሞ «ፈ» ሆነ። ሦስቱን በላስቲክ እያፈራረቀ ሲጠራ እጁ ከአፉ ቀድሞ ከተለጠጠ ገና በሐሳቡ እየቆጠረ ነው፤ አብረው ሲሄዱ ለምዶታል።

መፈተኛው ስልክዎ ነው። ልጅዎ አምስት ቃላት ቀድቶ ወንድሙ ወይም እህቱ ጽሑፉን ሳያዩ እንዲያዳምጡ ያድርጉ። የትኛው ክፍል እንደረዘመ መለየት ካቃታቸው ሁሉም እኩል ወጥቷል ማለት ነው። ደካማው ጭራሽ ካልተሰማም አልፎ ሄዷል፤ ድምፁ ይደክማል እንጂ አይጠፋም። በቀን ከአምስት ቃል አይለፉ። ለመልስ ጉዞው ደግሞ ሽንኩርቱን ያስቀምጡለት፤ «አንየን» ነው፣ ይህኛው የሚረዝመው መጀመሪያው ላይ ነው።