ሰባቱ ማርክ ከየት መጣ? ሞዴል ፈተና በጆሃንስበርግ

ጆሃንስበርግ፦ ወገኖቻችን ዛሬም «ጄፒ» እያሉ በሚጠሩት፣ በይፋ ግን ስሙ ራሂማ ሙሳ ተብሎ በተለወጠው ጎዳና አካባቢ፣ ከሱቆቹ በላይ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በየቅዳሜው 14 የአበሻ ልጆች እንግሊዝኛ ይማራሉ። ሁሉም የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና፣ እዚህ አገር «ማትሪክ» የሚባለውን የሚጠብቁ ናቸው። መምህሩ አገር ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን ስማቸውን እንዳንጠቅስ ጠይቀውናል። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፤ እኛም መምህሩ እንላቸዋለን።

ያነጋገርናቸው ስለ አንድ ሞዴል ፈተና ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በጄፒ ያሉ ብዙ አባቶች የሞዴል ፈተናውን ውጤት እንደ ፍርድ ነው የሚያዩት። ልጁ ከግማሽ በታች ካመጣ «በቃ፣ ሱቅ ይግባ» ይባላል። ስለዚህ መምህሩ ወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ቁጥር ትክክል መሆን አለበት።

ልጆቹ እንግሊዝኛን የሚወስዱት «የመጀመሪያ ተጨማሪ ቋንቋ» በሚባለው ደረጃ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ሦስት ወረቀት አለው፤ ምንባብና ሰዋስው 80፣ ሥነ ጽሑፍ 70፣ ድርሰትና ደብዳቤ 100 ማርክ ይይዛሉ። መምህሩ ለሞዴሉ የመረጡት ልጆቹ የሚወድቁባቸውን ሁለት ክፍሎች፣ የ30 ማርኩን ምንባብና የ50 ማርኩን ድርሰት ነው። የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው በድረ ገጹ ስለሚያወጣ፣ ከዚያ አንዱን አንስቶ ማባዛት ቀላል ነበር። «ግን ግማሾቹ ሠርተውታል፤ ግማሾቹ አላዩትም። ያ ፈተና የሚለካው ቤቱ ኢንተርኔት ያለው ማን እንደሆነ ነው» አሉን። ስለዚህ ራሳቸው ለማውጣት ተነሡ።

መጀመሪያ የመረጡት ምንባብ ስለ ክሪኬት ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን እዚህ የተወለደ ልጅ ጨዋታውን ያውቀዋል፣ ከሆሳዕና ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን እንግሊዝኛው ሳይሆን ጨዋታው ይጥለዋል። ጣሉት። ቀጥለው ሁሉም ልጆች በየቤታቸው ስለሚያውቁት ስለ ከተማይቱ የውኃ መቋረጥ የሚናገር ጽሑፍ ያዙ። ከዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር መጣ፤ ሁሉም የሚያውቀው ጉዳይ ከሆነ ሳያነቡ መመለስ ይቻላል።

ይህን ለማወቅ ያደረጉት ነገር በጣም ገርሞናል። ምንባቡን አስቀርተው ጥያቄዎቹን ብቻ ታች ሱቅ ለሚሠራ፣ እንግሊዝኛ ለሚችል ጎረቤታቸው ሰጡት። ከ12 ጥያቄ አምስቱን በትክክል መለሰ! «ሰዎች ውኃ ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ?» የሚለውን ማን ያቅተዋል? አምስቱንም ቀየሯቸው፤ አሁን «በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለችው ሴት ሁለት ባልዲ ብቻ የያዘችው ለምንድን ነው?» የሚል ሆነ። መልሱ ከጽሑፉ ውጭ የትም የለም። እግረ መንገዳቸውንም አንድ ጥያቄ የሌላውን መልስ የሚያወጣበትን ቦታና፣ አንዱን የሳተ ተማሪ ቀጣዩንም የግድ የሚስትበትን ቦታ አስተካከሉ። ማርኩንም እንደ ማትሪኩ አከፋፈሉት፤ 12ቱ ከጽሑፉ በቀጥታ ለሚገኝ፣ 12ቱ ከመስመሮቹ መሃል ለሚወጣ፣ 6ቱ ተማሪው ራሱ ፍርድ ለሚሰጥበት።

ከዚያ ፈተናው ሳይባዛ መልሱን ጻፉ። እዚህ አገር «ሜሞ» ይሉታል። ከተማሪ ወረቀት በኋላ የሚጻፍ ሜሞ የመጀመሪያውን ጎበዝ ልጅ መልስ መምሰሉ አይቀርም። ሁለት ማርክ ለሚይዝ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ለይተው አስቀመጡ። «በጸሐፊው ሐሳብ ትስማማለህ?» ለሚለው «አዎ» ወይም «አይደለም» በማለት ብቻ ማርክ አይገኝም፤ የሚታየው ምክንያቱ ነው። በምንባብ መልስ ውስጥ የፊደል ስህተት ማርክ አይቀንስም፤ የሚለካው መረዳቱ ነውና። እነዚህ የማትሪኩም ደንቦች ናቸው።

ድርሰቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደሚታወቀው አገር ቤት የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው፤ የሚያርመውም ማሽን ነው። ማሽኑ አይደክመውም፣ አያዝንም። (የወረቀቱ ጥበቃ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ላይ የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ድረ ገጽ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን አንባቢዎቻችን አይረሱትም።) በማትሪኩ ግን ከ250 እስከ 300 ቃላት የሚሆን ድርሰት ሰው ያነባል፤ በማረሚያ ሰንጠረዥ መሠረትም ለይዘትና ለዕቅድ ከ30፣ ለቋንቋና ለአጻጻፍ ከ15፣ ለአወቃቀር ከ5 ይሰጣል።

መምህሩ 14ቱንም ወረቀቶች በስም ሳይሆን በቁጥር አደረጓቸው። ማርኩን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በተለየ ደብተር ላይ ጻፉ። ከአራት ቀን በኋላ ወረቀቶቹን በዋዝተው፣ ደብተሩን ዘግተው፣ አራቱን እንደገና አረሙ። ሦስቱ ላይ ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ማርክ ነበር፤ ያ ያለ ነገር ነው። ቁጥር 9 ግን መጀመሪያ ይዘት 13፣ ቋንቋ 6፣ አወቃቀር 2፣ በድምሩ 21 ያገኘው፣ አሁን 18፣ 7 እና 3፣ በድምሩ 28 ሆኖ ተገኘ። አንዱ ቁጥር ከግማሽ በታች፣ ሌላው ከግማሽ በላይ ነው። ሰባት ማርክ!

የትኛው ነው ትክክሉ? መምህሩ ራሳቸው አልፈረዱም። በከተማው ሌላ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ባልደረባቸው የቀድሞ ማርኮቹን ሳይነግሩ ወረቀቱን ሰጧቸው። እሳቸውም 27 ሰጡ። ከዚያ ሁለቱ ቁጭ ብለው ምክንያቱን ፈለጉ።

ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው እርማት ቁጥር 9 የተነበበው ከክፍሉ ምርጥ ድርሰት ቀጥሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ደካማ ይመስላል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ልጁ የግስ ጊዜ ያምታታል፤ ለዚህ ጥፋት በቋንቋው ረድፍ ተቀጥቷል፣ በይዘቱም ረድፍ እንደገና ተቀጥቷል። ሐሳቡ ግን፣ አባቱ ሱቅ ከፍቶ የዘረፋ ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈ የሚተርከው፣ በቅጡ የተያያዘ ነበር። አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ መቆጠሩ በሰንጠረዥ ለሚያርም ሰው የተለመደ ወጥመድ ነው። ምልክቱም ሦስቱ ረድፎች ሁልጊዜ አብረው መውረዳቸው ነው፤ ቋንቋው ደካማ ሆኖ ይዘቱ ጠንካራ የሆነ ወረቀት ከ14 ውስጥ አንድ እንኳ ከሌለ መጠርጠር ይገባል።

መምህሩ ቁጥር 9ን ብቻ አርመው ቢተዉ ኖሮ ሌላ በደል ይሆን ነበር። ስለዚህ 14ቱንም ድርሰቶች ከመጀመሪያው አረሙ። በቅድሚያ ጥሩ፣ መካከለኛና ደካማ ብለው ከባልደረባቸው ጋር የተስማሙባቸውን ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ እያንዳንዱን አዲስ ወረቀት ከቀደመው ወረቀት ጋር ሳይሆን ከእነዚያ ከሦስቱ ጋር ያስተያያሉ። አንድ ጊዜ ለይዘቱ ብቻ፣ ስህተት ላይ ሳያሰምሩ አነበቡ። ቀይ እስክሪብቶው የወጣው በሁለተኛው ንባብ ነው። ከአምስት ወረቀት በኋላ ያርፋሉ። የማትሪኩ አራሚዎችም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በናሙና ወረቀቶች ላይ ተሰብስበው ማርካቸውን እንዲያቀራርቡ ይደረጋል፤ የመምህሩ ሦስት ወረቀቶች የዚያው ትንሽ መልክ ናቸው።

ስድስት ልጆች ከፍ አሉ፣ ሁለቱ በአንድና በሁለት ማርክ ዝቅ አሉ፣ ስድስቱ ባሉበት ቀሩ። ዝቅ ካሉት የአንዱ እናት ጄፒ ድረስ መጥተው «ቲቸር፣ ልጄን ምን አደረጋት?» ብለው ጠየቋቸው። መምህሩ ሦስቱን ወረቀቶች አውጥተው ከልጅቷ ድርሰት ጎን አስቀመጡላቸውና፣ ልጅቷ ራሷ ለእናቷ በአማርኛ እየተረጎመች አነበበችላቸው። የቁጥር 9 አባት ደግሞ 28ቱን ሲሰሙ ያነሡት ጥያቄ ስለ ሱቅ አልነበረም፤ የግስ ጊዜውን ለማስተካከል ስንት ቅዳሜ እንደሚቀር ነው።