ስቶፕህ ተመትቶ ዋጋው ለምን ተመለሰ?

ዩሮ በ1.0830 ዶላር ገዝተህ ስቶፕ ሎስህን 1.0798 ላይ አስቀመጥክ፤ ዋጋው 1.0795 ድረስ ወርዶ አስወጣህና ወዲያው ወደ 1.0870 ወጣ። “ደላላው አይቶ መታኝ” ብለሃል። እንዲህ የሚያደርግ ደላላ የለም አልልህም። ነገር ግን የሌሎች ደላሎችን ቻርት ስከፍት ያው ዝቅታ ይታያል፤ የወረደው ገበያው ራሱ ነው።

የትናንቱ ዝቅተኛ ዋጋ 1.0802 ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ ክብ ቁጥሩ 1.0800 አለ። ይህን አንተ ብቻ አይደለህም ያየኸው፤ ብዙ ገዢ ስቶፑን እዚያው ሥር ያስቀምጣል። የገዢ ስቶፕ ሲነካ ደግሞ ወዲያውኑ የመሸጫ ትእዛዝ ይሆናል። የአንዱ ሽያጭ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የሚቀጥለውን ይነካል። ብዙ ዩሮ መግዛት የሚፈልግ ትልቅ ተቋም ዋጋውን ብዙ ሳያስወድድ የሚሸምተው እንዲህ ሻጭ ሲበዛ ነው። ሻጮቹ ሲያልቁ ወደ ታች የሚገፋ ኃይል አይኖርም።

አቅጣጫውን አልሳትክም፤ ስቶፕህ ነው የጠበበው። ዩሮ በአንድ ሰዓት በአማካይ 15 ፒፕ እየተንቀሳቀሰ ከዝቅታው 4 ፒፕ ብቻ መራቅ አያዛልቅም። እኔ ብሆን 1.0780 ላይ አስቀምጠው ነበር። ርቀቱ ከ32 ወደ 50 ፒፕ ስለሚሰፋ 0.10 የነበረውን ሎት ወደ 0.06 ታወርደዋለህ፤ ቢመታህ የምታጣው 32 ዶላር ሳይሆን 30 ይሆናል። እዚያም ከደረሰ ዩሮ ይወጣል ያልክበት ምክንያት ፈርሷልና ስቶፑን ወደ ታች አትግፋው።