ዳዶው ወጥቶ ጎማው እምቢ ሲል

ዳዶዎቹ ሁሉ ወልቀዋል፣ መኪናው በክሪክ ተነስቷል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። በክረምት አስፋልቱ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ሚኒያፖሊስና ቶሮንቶ ባሉ ከተሞች የሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያን ይህ አያስገርማቸውም። መዶሻ አንስቶ መቀጥቀጥ ያምራል፤ ቡሎን የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው።

ጎማውን አንቆ የያዘው ቡሎኑ አይደለም። ቸርኬው መሃል ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳ፣ ጎማው በሚታሰርበት በሞዞው አንገት ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። በብዙ ቶዮታ ኮሮላዎች የቀዳዳው ስፋት 54.1 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በእሱና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። ሞዞው ብረት፣ ቸርኬው ደግሞ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ጨዋማ ውሃ ሲገባበት አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላና ነጭ ዱቄት ይፈጠራል። ብረቱም በበኩሉ ይዝጋል። ዝገቱና ዱቄቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዙ ያቺን ጠባብ ክፍተት ሞልተው ሁለቱን ያጣብቋቸዋል። የብረት ቸርኬም በዝገት ይጣበቃል።

የፊት ጎማው ለሁለት ክረምት ያልተፈታ አንድ ኮሮላ እንውሰድ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ የኋላ ጎማዎቹ በታኮ ይታገዳሉ። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላሉ። ከዚያ መኪናው ይነሳና ከክሪኩ ሌላ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ ጎማ የሚመታበት መኪና በክሪክ ብቻ ከቆመ ሊንሸራተት ይችላል።

ቡሎኑን የሚያድነው ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ዳዶዎቹ አንድም ሳይቀር ቡሎናቸው ላይ ይቆያሉ፤ በዳዶውና በቸርኬው መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እስኪታይ ብቻ ይመለሳሉ። ዳዶ ያልያዘው ጎማ በድንገት ሲላቀቅ ሙሉ ክብደቱ ቡሎኖቹ ላይ ይወድቃል፣ የቀዳዳው ጠርዝም ጥርሳቸውን ይፍቃል። ዳዶው ካለ ግን ጎማው ጥቂት ሚሊሜትር ወጥቶ ይቆማል። ዳዶዎቹ ወልቀው ከሆነም በእጅ መልሶ ማስገባት ነው።

አሁን ዝገት ማላቀቂያ ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ መሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ ይረጫል። መሃሉን የሚሸፍን ክዳን ካለ አስቀድሞ ይነሳል። ዘይቱ የፍሬን ዲስኩን ወይም ቡሎኖቹን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓት መታገስ ይረዳል፣ ማሳደር ደግሞ ይበልጣል።

ምቱ የሚያርፈው ላስቲኩ ላይ እንጂ ቸርኬው ላይ አይደለም። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ በጫማ ተረከዝ የጎማውን የታችኛውን ጎን መምታት፣ ጎማውን ግማሽ ዙር አዙሮ ተቃራኒውን ጎን መድገም። አንድ ቦታ ብቻ መደብደብ ቸርኬውን አጣሞ አንገቱ ላይ ያጣብቀዋል። ይህ ካልበቃ ከውስጥ በኩል ወፍራም እንጨት ላስቲኩ ላይ ተደግፎ፣ እንጨቱ በከባድ መዶሻ ይመታል። የሚመታው ሰው በጎን ይቆማል እንጂ መኪናው ሥር አይገባም።

አንዳንድ ሰው ዳዶውን አላልቶ መኪናውን ወዲያ ወዲህ ይነዳል። ጎማው ይላቀቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው የቡሎኑ ጥርስ ስለሆነ ይህ መንገድ አይመከርም። መኪናውን አውርዶ፣ ዳዶው ትንሽ እንደላላ ሆኖ፣ ቆሞ ባለበት ከጎን ወደ ጎን መወዝወዝ ይሻላል። እሳት መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አሉሚኒየሙን ያዳክማል፣ የኩሽኔታውን ግሪስ ያቀልጣል፣ ጎማውንም ሊያፈነዳ ይችላል።

“ጧ” የሚል ድምፅ ተሰምቶ በዳዶውና በቸርኬው መካከል የነበረው ክፍተት ሲዘጋ ጎማው ለቋል ማለት ነው። ያኔ ዳዶዎቹ ይወልቃሉ። የሞዞው አንገትና የቸርኬው ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ ንጹህ ብረት እስኪታይ ይፋቃሉ፤ አንገቱ ላይ ብቻ መጣበቅ የሚከላከል ቅባት በስሱ ይቀባል። ቅባቱ ቡሎኑንና ዳዶው የሚያርፍበትን ቦታ መንካት የለበትም፤ ቅባት ያለበት ቡሎን በተለመደው ጉልበት ሲጠብቅ ከሚገባው በላይ ይሳባል።

የቡሎኖቹ ጤንነት የሚታወቀው በጣት ነው። እያንዳንዱ ዳዶ ያለ ቁልፍ እስከ ታች መግባት አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ጥርሱ ተጎድቷልና በቁልፍ ማስገደድ አይገባም። ሲጠብቅ ቆይቶ በድንገት ቀለል ብሎ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ቡሎኑ ተስቧል፤ መቀየር አለበት። ጤነኞቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ለብዙ ኮሮላዎች የተወሰነው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሌላው መኪና ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም የዳዶዎቹ ጥብቀት እንደገና ይለካል።