በካርታ ላይ ርቀትን በማስመሪያ መለካት

ካርታ ላይ መስፈርት ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ይጻፋል። አንደኛው 1፡1,000,000 የሚለው ቁጥር ሲሆን፣ ካርታው ላይ ያለ 1 ሳንቲሜትር በምድር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ሁለተኛው በካርታው ግርጌ የሚሰመረው፣ በኪሎ ሜትር የተከፋፈለው መስመር ነው። ካርታው ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወይም መጽሐፍ ውስጥ አንሶ ሲታተም ቁጥሩ እዚያው እንደተጻፈ ይቀራል፤ መስመሩ ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስ አይዋሽም። ስለዚህ ማስመሪያው መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ መስመር ላይ ነው።

1፡1,000,000 ተብሎ የተጻፈበት፣ ነገር ግን በፎቶ ኮፒ ያነሰ የጣና ሐይቅ ካርታ አለ እንበል። ከ0 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያለው የመስፈርቱ መስመር በማስመሪያ 4 ሳንቲሜትር ሆነ። 50 ለ4 ሲካፈል 12.5 ስለሚመጣ፣ በዚህ ቅጂ ላይ 1 ሳንቲሜትር 12.5 ኪሎ ሜትር ነው። የሐይቁ ርዝመት ከሰሜን እስከ ደቡብ 6.7 ሳንቲሜትር ቢለካ፣ በ12.5 ሲባዛ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተጻፈውን ቁጥር ያመነ ሰው ግን 67 ብሎ 17 ኪሎ ሜትር ይጎድልበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመስመሩ ጫፍ መለካት ሲጀምር ነው። በብዙ ካርታዎች 0 የሚገኘው ጫፉ ላይ ሳይሆን ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ከ0 በስተግራ ያሉት ጠባብ ክፍሎች ለትርፍራፊው መለኪያ የተሰመሩ ናቸው።

ማስመሪያ የሚሰጠው ቀጥታ ርቀትን ብቻ ነው። በዚሁ ቅጂ ላይ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 9 ሳንቲሜትር፣ ማለትም 112 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ግን በሐይቁ ላይ የሚያልፍ የወፍ መንገድ ነው። መኪና ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ስለሚሄድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጠማማ መንገድ የሚለካው ክር በመንገዱ ላይ አስተኝቶ፣ ከዚያ ክሩን በመስፈርቱ መስመር ላይ በመዘርጋት ነው። ያም ሆኖ ትንንሽ ጥምዝምዞች በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ስለማይሳሉ የክሩ ልኬት ከእውነተኛው መንገድ ያንሳል።

ስፋት ሲፈለግ ደግሞ መስፈርቱ ራሱ በራሱ ይባዛል። 1 ሳንቲሜትር 12.5 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ሳጥን 156 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይይዛል። ጣና አራት ማዕዘን ስላልሆነ ርዝመቱን በወርዱ ማባዛት ከ5,500 በላይ የሆነ የተጋነነ ቁጥር ይሰጣል። የሚሻለው በሚያሳይ ወረቀት ላይ ሳጥኖች አስምሮ ሐይቁ ላይ መደረብና መቁጠር ነው፤ ከግማሽ በላይ ውኃ የያዘው እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ሌላው ይተዋል። 20 ሳጥን ቢቆጠር 3,125 ካሬ ኪሎ ሜትር ይወጣል።

በማስመሪያው ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በዚህ ቅጂ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ውጤቱን እስከ ሜትር ድረስ መጻፍ ከንቱ ነው።